በዓይን ላይ የሚዞረው ሌንስ፦ አስቲግማቲዝም ያለባት አንዲት ታካሚና ሦስት ጊዜ የተቀየረው ኮንታክት ሌንሷ

ይሄን ጉዳይ የምጽፈው አንድ ሰው ላይ ሦስት አይነት ስህተት ተደራርቦ ስላየሁበት ነው፣ ከሦስቱ አንዱ ደሞ የራሴ ነው። ስሟን አልጠቅስም፣ እንድጽፈው ግን ፈቅዳልኛለች። እኔ አዲስ አበባ የምሰራ ኦፕቶሜትሪስት ነኝ።

ስትመጣ የነበረችበት ሁኔታ

ልጅቷ 27 ዓመቷ ነው፣ ማተሚያ ቤት ውስጥ የገጽ ዲዛይን ትሰራለች፣ ስትመጣ ኅዳር መጀመሪያ ነበር፣ ሰርጓ ደሞ ጥር ላይ ነው። መነጽር ከልጅነቷ ጀምሮ ታደርጋለች፣ በመነጽሯ በሁለቱም ዓይኗ 6/6 ታነባለች፣ ማለትም ማየቷ በመነጽር ሙሉ ነው። ለሰርጉ ግን ያለ መነጽር መሆን ፈለገች።

መጀመሪያ ያደረገችው ብዙ ሰው የሚያደርገውን ነው። ከአንድ የመዋቢያ እቃ ሱቅ -6.00 የሚል ተራ ኮንታክት ሌንስ ገዛች፣ ለሁለቱም ዓይን አንድ አይነት። ርቀት ላይ ያለ ነገር ይታያት ነበር ግን ጥላ አለው፣ ማታ የመኪና መብራት ይጎተትባታል። ዋናው ያስቸገራት ስራዋ ላይ ነው። «ዶክተር፣ ቡ እና ቢ ይምታቱብኛል» አለችኝ። ያው የኛ ፊደል ላይ ልዩነቱ ያቺ ትንሽ ቅጥያ መሀል ላይ ናት ወይስ ታች ናት የሚለው ስለሆነ ጥላ ሲኖር መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው፣ እሷ ደሞ የሰው የሰርግ ጥሪ ካርድ የምታርም ሰው ናት።

ከዛ ዱባይ ያለች እህቷ ችግሩ አስቲግማቲዝም ነው ብላ ቶሪክ ሌንስ አዘዘችላት። አስተሳሰቡ ትክክል ነው፣ ትክክለኛው የሌንስ አይነት እሱ ነው። ግን የመነጽሩን ወረቀት ቁጥር እንዳለ ገልብጣ ነው ያዘዘችው። ሌንሱ ሲመጣ የባሰ ሆነ፣ በቀኝ ዓይኗ ጭራሽ ራሷን ያማት ጀመር። ወደኔ ስትመጣ ሳጥኑን ይዛ ነው የመጣችው፣ ያን ማድረጓ በጣም ጠቀመን።

የመነጽሯ ቁጥር እንዲህ ነው፦
ቀኝ፦ -5.50 / -2.25 × 10
ግራ፦ -5.00 / -1.25 × 140

ችግሩ ከየት ነው የሚመጣው

ኮርኒያ ማለት የዓይናችን የፊት መስተዋት እንደ ኳስ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ቢጎብጥ ኖሮ አንድ ቁጥር ይበቃ ነበር። አስቲግማቲዝም ያለበት ሰው ላይ ግን አንደኛው አቅጣጫ ከሌላው የበለጠ ይጎብጣል፣ የሾርባ ማንኪያ ጀርባን አስቡት፣ በቁመቱ ሌላ በጎኑ ሌላ ነው። ስለዚህ ብርሃኑ አንድ ቦታ ላይ አይገናኝም። በቀኝ ዓይን ቁጥሯ ውስጥ -5.50 የሚለው ስፌር ይባላል፣ መነሻው ጉልበት ነው፣ -2.25 የሚለው ሲሊንደር ይባላል፣ በሁለቱ አቅጣጫዎች መሀል ያለው ልዩነት ነው፣ 10 የሚለው ደሞ አክሲስ ነው፣ ማንኪያው ወዴት እንደተኛ የሚናገር ዲግሪ ነው፣ ከ1 እስከ 180 ይሄዳል።

መነጽር ላይ ይሄ ቀላል ነው ምክንያቱም ፍሬሙ ጆሮና አፍንጫ ላይ ተቀምጧል፣ አይዞርም። ኮንታክት ሌንስ ግን እንባ ላይ የሚንሳፈፍ ክብ ነገር ነው። ተራው ሌንስ በየጥቅሻው፣ ዓይን በተርገበገበ ቁጥር ማለት ነው፣ ይዞራል፣ ቢዞርም ማንም አያውቅም ምክንያቱም በየትኛውም አቅጣጫ ያው ነው። ቶሪክ ሌንስ ግን ሁለት የተለያየ ጉልበት በሁለት አቅጣጫ ስላለው ከዞረ ጉልበቱም አብሮት ዞረ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ነገር አለ፣ ተራ ሌንስ ለምን ኮርኒያውን «አያስተካክለውም»? ለስላሳ ሌንስ እንደ እርጥብ ሻሽ ነው፣ ከስር ያለውን ቅርጽ ይዞ ይተኛል፣ ማንኪያ ላይ ብታደርጉት ማንኪያ ይሆናል። ጠንካራው ሌንስ ግን የራሱን ቅርጽ ስለማይለቅ በሌንሱና በኮርኒያው መሀል ያለውን ክፍተት እንባ ይሞላዋል፣ አስቲግማቲዝሙንም እንባው ይደብቀዋል። ግን እሱም የሚደብቀው ኮርኒያ ላይ ያለውን ብቻ ነው። አስቲግማቲዝም ከውስጠኛው የዓይን ሌንስም ሊመጣ ይችላል፣ እንግሊዛዊው ቶማስ ያንግ 1801 ላይ የራሱን አስቲግማቲዝም ሲገልጽ ዓይኑን ውሃ ውስጥ አስገብቶ የኮርኒያውን ስራ አጥፍቶ ችግሩ እንዳለ መቅረቱን አይቶ ነው ከውስጥ እንደሆነ ያወቀው። የኛ ልጅ ቀኝ ዓይን ላይ የኮርኒያን ጉብጠት የሚለካው ኬራቶሜትር 2.00 ልዩነት አሳየ፣ ስለዚህ ያ ከሞላ ጎደል የኮርኒያ ነው። ግራው ላይ ግን ኮርኒያዋ 0.50 ብቻ ነው ያሳየው፣ መነጽሯ ደሞ 1.25 ይላል፣ ስለዚህ ግራው ላይ ጠንካራ ሌንስ ብንሞክር ኖሮ አብዛኛው አስቲግማቲዝም ይቀር ነበር። ለስላሳ ቶሪክ ላይ የቀረነው በዚህ ምክንያት ነው።

ቶሪክ ሌንስ እንዴት ነው እንዳይዞር የሚደረገው

ብዙ ሰው ታች በኩል ስለሚከብድ ወደ ታች ይቀመጣል ብሎ ያስባል፣ እኔም ስማር እንደዛ ነበር የገባኝ። ዋናውን ስራ የሚሰራው ግን የዓይን ቆብ ነው። እርጥብ የሎሚ ፍሬ በሁለት ጣት ስትጨምቁት ቀጭኑ ጫፍ ላይ የተያዘው ፍሬ ወደ ወፍራሙ በኩል ያመልጣል፣ እንደዛው ነው። የላይኛው ቆብ ሲወርድ የሌንሱን ቀጭን ክፍል ይጫነዋል፣ ወፍራሙን ክፍል ደሞ ከስሩ ገፍቶ ያስወጣዋል። አንዳንዱ ሌንስ ታች በኩል ወፍራም ተደርጎ ይሰራል፣ ሌላው ደሞ ላይና ታች ሳስቶ ወፍራሙ ግራና ቀኝ ላይ ይሆናል። ሁለቱም የሚደገፉት በጥቅሻ ነው። ስለዚህ የቆባችሁ አቀማመጥና ጥብቀት የሌንሱን ማረፊያ ይወስናል፣ አንድ ሌንስ በአንድ ሰው ዓይን ቀጥ ብሎ በሌላው ላይ ሊያዘነብል ይችላል፣ ይሄን ደሞ ከወረቀት ማወቅ አይቻልም፣ አድርጎ ማየት ብቻ ነው።

ሌንሱ ላይ ትንሽ ምልክት አለ፣ እንደ ካምፓኒው በሰዓት አቀማመጥ 6 ላይ ወይም 3 እና 9 ላይ። ምልክቱ አክሲሱን አይናገርም፣ ሌንሱ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል ወይስ አዘንብሏል የሚለውን ብቻ ነው የሚናገረው። ይሄን የሚያምታቱ ባለሙያዎችም አጋጥመውኛል።

ቀኝ ዓይን፦ ዞሮ የረጋ ሌንስ

ከእህቷ የመጣውን ሌንስ አድርጋ 15 ደቂቃ እንድትቀመጥ አደረግኩ፣ ሌንስ ወዲያው እንደገባ ማየት ዋጋ የለውም፣ እንባው እስኪረጋጋ ድረስ ይንከራተታል። ከዛ ዓይንን አጉልቶ በሚያሳየው ስሊት ላምፕ አየሁት። ምልክቱ 6 ላይ መሆን ሲገባው ወደኔ ቀኝ፣ ማለትም ወደ አፍንጫዋ፣ 20 ዲግሪ ዞሮ ተቀምጧል። መለኪያ የሌለው ሰው በሰዓት መገመት ይችላል፣ በሁለት የሰዓት ቁጥሮች መሀል 30 ዲግሪ ነው፣ ስለዚህ 20 ማለት የዛ ሁለት ሦስተኛ ነው።

ጥቀሺ አልኳት፣ አስር ጊዜ። ከዛ ሌንሱን በጣቴ 45 ዲግሪ ያህል ሆን ብዬ አዞርኩትና ጠበቅኩ። በጥቂት ጥቅሻ ተመልሶ እዛው 20 ላይ ቆመ። ይሄ ጥሩ ዜና ነው! ሌንሱ ቀጥ አላለም ግን የት እንደሚቆም ያውቃል ማለት ነው።

በላዩ ላይ መነጽር ስለካ የወጣው +1.25 / -1.50 × 150 ነበር። ይሄን ቁጥር ትንሽ ቆም ብለን እንየው፣ ምክንያቱም ታሪኩ በሙሉ እዚህ ውስጥ ነው። ሌንስ ስለዞረ ብቻ የሚመጣ ስህተት ሁልጊዜ አንድ መልክ አለው፣ ፕላሱ የሲሊንደሩ ግማሽ ይሆናል። የ1.50 ግማሽ 0.75 ነው። እሷ ጋ ግን ፕላሱ 1.25 ነው፣ ስለዚህ 0.75ቱ የመዞር ነው፣ የቀረው +0.50 ደሞ የሌንሱ ጉልበት በራሱ ከሚያስፈልገው በላይ ስለሆነ ነው። ራስ ምታቱም ከዚሁ ነው የመጣው ብዬ ነው የማምነው፣ ቀኑን ሙሉ ዓይኗ ያንን ትርፍ ለማካካስ ስትጨነቅ ነው የምትውለው።

ትርፉ ከየት መጣ? መነጽር ከዓይን 12 ሚሊሜትር ያህል ርቆ ነው የሚቀመጠው፣ ኮንታክት ሌንስ ግን ዓይኑ ላይ ነው፣ ስለዚህ ከ4.00 በላይ ለሆነ ማይነስ ቁጥሩ መቀነስ አለበት። አስቲግማቲዝም ያለበት ሰው ላይ ደሞ ሁለቱን አቅጣጫ ለየብቻ ነው የሚቀነሰው፣ ብዙ ሰው የሚረሳው ይሄን ነው። የእሷ ቀኝ ዓይን አንዱ አቅጣጫ -5.50 ነው፣ ሌላው -5.50 ሲደመር -2.25 ማለትም -7.75። ወደ ዓይን ሲጠጉ -5.50ው ወደ -5.16 ይወርዳል፣ -7.75ቱ ደሞ ወደ -7.09። ልዩነታቸው አሁን 2.25 ሳይሆን 1.93 ሆነ። ስለዚህ ስፌሩ ብቻ ሳይሆን ሲሊንደሩም ይቀንሳል። ሌንሶቹ ሲሊንደራቸው ብዙ ጊዜ በ0.50 እየዘለለ ነው የሚሰራው፣ 1.75 እና 2.25 አለ፣ 1.93 የለም፣ እኔ 1.75ን መረጥኩ ምክንያቱም ሲሊንደሩ በበዛ ቁጥር ሌንሱ ትንሽ ሲዞር የሚያመጣው ብዥታም አብሮ ይበዛል።

ቀጥሎ አክሲሱ። ደንቡ ቀላል ነው፣ በመርማሪው እይታ ወደ ግራ ከዞረ ደምር፣ ወደ ቀኝ ከዞረ ቀንስ። እሷ 10 ነው የሚያስፈልጋት፣ ሌንሱ ወደ ቀኝ 20 ይዞራል፣ 10 ሲቀነስ 20 ከዜሮ በታች 10 ይሆናል፣ እንደዛ አይነት አክሲስ ስለሌለ 180 እንጨምርበታለን፣ 170። ስለዚህ ያው ካምፓኒ ያው አይነት ሌንስ -5.25 / -1.75 × 170 አዘዝን። ወረቀቱን ያየ ሰው የመነጽሯ አክሲስ 10 ሆኖ 170 መታዘዙን ስህተት ነው ሊል ይችላል፣ እህቷም ደውላ «እርግጠኛ ናችሁ?» ብላለች። ግን ሌንሱ ዓይኗ ላይ ሲገባ 20 ዲግሪ ዞሮ በትክክል 10 ላይ ነው የሚያርፈው። መዞሩን አልከለከልነውም፣ ቀድመን ቆጠርንለት እንጂ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ መጣ። ምልክቱ አሁንም 20 ላይ ነው ያለው፣ ያ የሚጠበቅ ነው። 6/6 አነበበች፣ በላዩ ላይ ስለካ የሚታረም ነገር አልቀረም።

ግራ ዓይን፦ እኔ የተሳሳትኩበት

ግራው ሲሊንደሩ ትንሽ ስለሆነ ቀላሉ እሱ መስሎኝ ነበር። ሌንሱ ወደ ግራ፣ ወደ አፍንጫዋ ዞሯል፣ አንዴ ሳየው 5፣ ከጥቅሻ በኋላ 25፣ ቀጥሎ 15 ምናምን። በጣቴ ሳዞረው ቶሎ አልተመለሰም፣ ሲመለስም ሌላ ቦታ ላይ ነው የሚቆመው። ጊዜው እያጠረ ስለነበር አማካዩን 15 ብዬ ያዝኩ፣ 140 ሲደመር 15 ወደ 155፣ ሌንሱ አክሲስ በ10 እየዘለለ ስለሆነ 150 ብዬ ከቀኙ ጋር አብሬ አዘዝኩ። ቁጥሩንም ወደ ዓይን አስጠግቼ -4.75 / -1.25 አደረግኩት።

ሲመጣ ያው ነው። አንዳንዴ ጥርት ይልላታል፣ አንዴ ስትጠቅስ ይጠፋል። ሦስት ሳምንትና የልጅቷ ገንዘብ የባከነው በኔ ውሳኔ ነው፣ ምክንያቱም የመደመርና የመቀነስ ደንቡ የሚሰራው አንድ ቦታ ላይ ለሚረጋ ሌንስ ብቻ ነው። የሚንከራተት ሌንስ አማካይ የለውም። 5 ላይ ያለውን ብታርም 25 ላይ ሲሄድ ይበላሻል። ምን ያህል እንደሚያበላሽ ለማወቅ፣ ሌንስ 10 ዲግሪ ከቦታው ከወጣ የሲሊንደሩ አንድ ሦስተኛ ያህል ስህተት ሆኖ ይመጣል፣ 30 ዲግሪ ላይ ሙሉውን ያህል ይሆናል፣ ማለትም ሲሊንደር የሌለው ሌንስ ቢደረግ ይሻል ነበር ወደሚባልበት ይደርሳል።

ለምን ተንከራተተ? ሁለት ነገር ነው ያየሁት። አንደኛ ሌንሱ ላልቷል፣ ወደ ላይ ስታይ ብዙ ይንሸራተታል፣ ለዓይኗ ጎብጠቱ ሰፊ ነው። ሁለተኛ አክሲሷ 140 አግዳሚም ቋሚም አይደለም፣ ሰያፍ ነው። የሌንሱ ውፍረት ከአክሲሱ ጋር ስለሚቀያየር ሰያፍ ላይ ሲሆን የቆቡ ግፊት በሁለቱ ጎን እኩል አይሆንም፣ አንዱ ጎን ቀድሞ ይገፋል። እንዲህ አይነት ዓይን ላይ ቁጥር መቀየር ምንም አይሰራም፣ መቀየር ያለበት የሌንሱ አሰራር ነው።

እውነቱን ነግሬያት ሌላ አሰራር ያለው፣ ላይና ታች የሳሳና ጎብጠቱ ጠበብ ያለ ሌንስ አዘዝን፣ አክሲሱንም ወደ 140 መለስኩት ምክንያቱም በአዲስ ሌንስ ላይ የአሮጌውን መዞር መቁጠር ትርጉም የለውም። ግን ለሰርጉ እንደማይደርስ ታወቀ። ለዛ ቀን ግራው ላይ ተራ -5.25 አደረግንላት፣ ይሄ ሁለቱን አቅጣጫ መሀል ላይ የሚያስታርቅ ቁጥር ነው፣ 6/9 አነበበች፣ ከቀኙ 6/6 ጋር ሁለቱን ገልጣ ስታይ ምንም አላስቸገራትም። ሲሊንደሩ 1.00 አካባቢ ሲሆንና ሌላኛው ዓይን ጥሩ ሲሆን ይሄ የሚያሳፍር መፍትሄ አይደለም፣ ከሚንከራተት ቶሪክ የረጋ ተራ ይሻላል። ለቀኝ ዓይኗ ግን በፍጹም አላደርገውም ነበር፣ ያ -6.00 በሚለው ሌንስ 6/12 ላይ አስቀርቷት የነበረ ዓይን ነው።

የካቲት ላይ አዲሱ ግራ ሌንስ መጣ። ከቀጥታው 5 ዲግሪ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፣ በጣት ሲዞርም ቶሎ ይመለሳል፣ 6/6 ከአንድ ፊደል በስተቀር።

አሁንም ያልተፈታው

በጎኗ ተኝታ ስልክ ስታይ ለጥቂት ሰከንድ ብዥ ይላል፣ ቀና ስትልና ስትጠቅስ ይመለሳል። ኮምፒውተር ላይ ረጅም ሰዓት ከቆየች ጥቅሻዋ ይቀንሳል፣ ሌንሱን የሚያረጋው ጥቅሻ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ቀኙ ይዋዥቅባታል፣ በዛ ላይ በጋ ላይ ያለው ደረቅ አየር አለ። ስለዚህ ስራ ላይ መነጽሯን ታደርጋለች፣ ሌንሱን ለሌላ ጊዜ። ይሄን ያሰብነው አብረን ነው። ታች በኩል ያለው ውፍረትም ለታችኛው ቆቧ ይሰማታል፣ በቀን ከ8 ሰዓት በላይ አታደርገውም። በቧንቧ ውሃ አለማጠብና አድርጎ አለመተኛትን በየቀጠሮው ነው የምደግመው፣ ቶሪክ ወፍራም ክፍል ስላለው ኦክስጅን የሚያሳልፈው እዛ ጋ ያነሰ ነው፣ ከተራው የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ከዚህ ምን ወሰድኩ

አሁን ካርድ ላይ ሌንሱ ስንት ዲግሪ ዞረ ብዬ ብቻ አልጽፍም፣ ከጥቅሻ በኋላ ሦስት ጊዜ አይቼ ሦስቱንም ቁጥር እጽፋለሁ። ሦስቱ ከተቀራረቡ አክሲሱን አርማለሁ። ከተራራቁ ሌንሱን እቀይራለሁ እንጂ ቁጥር አልነካም። በላዩ ላይ ስለካ ሲሊንደር ከወጣ ደሞ መጀመሪያ ፕላሱ የሲሊንደሩ ግማሽ ነው ወይ ብዬ ነው የማየው፣ ግማሽ ከሆነ ጉልበቱ ልክ ነው የዞረው ሌንሱ ነው ማለት ነው።

ታካሚ ለሆናችሁ ደሞ፣ የመነጽር ወረቀት የኮንታክት ሌንስ ወረቀት አይደለም፣ በተለይ ሲሊንደር ካለበት። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ሊልክላችሁ ከሆነ መጀመሪያ አድርጎ የሚያይላችሁ ሰው ፈልጉ፣ የሚታዘዘውም በሱ ቁጥር ከነሌንሱ ስም ይሁን፣ ያው ቁጥር በሌላ ካምፓኒ ሌንስ ላይ ሌላ ቦታ ሊያርፍ ይችላል።

መጋቢት ላይ ልጅቷ የ17 ዓመት ወንድሟን ይዛ መጣች፣ «ለሱም እንደኔው እዘዝለት» አለችኝ። ልጁ ከልጅነቱ ጀምሮ ዓይኑን ያሳክከዋል፣ በጣም ያሻል፣ በአንድ ዓመት ውስጥ መነጽሩ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል። በመነጽሩ 6/6 አልደረሰም፣ ኬራቶሜትሩ ኮርኒያው ላይ የሚያሳያቸው ክቦች ተጣመው ነው የታዩት፣ ብርሃን ወደ ዓይን በሚያበራው ሬቲኖስኮፕ ስር ደሞ ብርሃኑ እንደ መቀስ ይከፈታል ይዘጋል። ይሄ እንደ እህቱ አይነት የተስተካከለ ማንኪያ አይደለም፣ ኮርኒያው ሾጥጦ እየወጣ ሊሆን ይችላል፣ ኬራቶኮነስ የሚባለው። ለስላሳ ቶሪክ እንዲህ ያለ ኮርኒያ ላይ ጠማማውን ተከትሎ ነው የሚተኛው፣ በሽታውም ከስሩ እየባሰ ይቀጥላል። ለሱ ሌንስ አላዘዝኩም፣ ዓይኑን እንዳያሽ ነግሬው በዛው ሳምንት ወደ ኮርኒያ ስፔሻሊስት ላክሁት።